«ትናንት በፖስታ ልኬዋለሁ እኮ!»

የግዥ ክፍል ኃላፊያችን በአንድ እጃቸው የሪኮማንዴ ደረሰኝ፣ በሌላው ታትሞ የወጣ ኢሜይል ይዘው ወደ ሕግ ክፍል ሲገቡ ፊታቸው ተለዋውጦ ነበር። ውጭ አገር ያለ አንድ ሻጭ ያገለገለ የማሸጊያ ማሽን ሊሸጥልን በደብዳቤ ሐሳብ አቅርቦልናል። ደብዳቤው ሐሳቡ ወሩ እስኪያልቅ፣ እስከ 30ኛው ቀን፣ ክፍት መሆኑንና ነገሩ በእንግሊዝ ሕግ እንደሚገዛ ይገልጻል። ኃላፊው በ19ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ «በዋጋውና በሁኔታው ተስማምተናል» ብለው ጽፈው ላኩ። በ20ኛው ቀን ጠዋት ሻጩ «ሐሳባችንን አንስተናል፤ ማሽኑን ለሌላ ልንሸጠው ነው» የሚል ኢሜይል ሰደደ። የእኛ ደብዳቤ እጁ የገባው በ22ኛው ቀን ነው።

«ትናንት በፖስታ ልኬዋለሁ እኮ! እሱ የጻፈው ዛሬ ነው። እንዴት አንስቻለሁ ይለኛል?» አሉ።

የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ወንበር ስበው አስቀመጧቸውና ደረሰኙን ተቀብለው ማኅተሙን ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት። «ጋሼ፣ ደብዳቤውን መስኮት ላይ ነው የሰጡት ወይስ ለፖስተኛ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ያኔ ለእኔም እንግዳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በእንግሊዝ የታየ አንድ ጉዳይ ላይ ሰውየው ደብዳቤውን የሰጠው መልእክት የመቀበል ሥልጣን ለሌለው ፖስተኛ በመሆኑ፣ ያ ርክክብ «ፖስታ ማስገባት» ተብሎ አልተቆጠረለትም። የእኛ ግን መስኮት ላይ የገባ፣ አድራሻው ትክክል የሆነና ቴምብሩ የተሟላ ነበር።

ኃላፊው በስሜት የተናገሩት ነገር በሕግም መሠረት አለው። በመርሕ ደረጃ፣ አንድን የውል ሐሳብ ተቀብያለሁ ማለት የሚጸናው መልሱ ሐሳቡን ላቀረበው ሰው ሲደርስ ነው። በፖስታ ለሚላክ መልስ ግን የእንግሊዝ ፍርድ ቤት በ1818 ልዩ ደንብ አወጣ። ሱፍ ነጋዴዎች የሽያጭ ሐሳባቸውን በደብዳቤ ቢልኩም አድራሻውን አሳስተው ስለጻፉት ዘግይቶ ደረሰ። ገዢዎቹ በደረሳቸው ምሽት ተስማምተናል ብለው ፖስታ ቤት አስገቡ። ሻጮቹ መልስ የማይመጣ መስሏቸው፣ መልሱ ከመድረሱ አንድ ቀን ቀደም ብለው ሱፉን ለሌላ ሸጡት። ፍርድ ቤቱ ውሉ የረጋው መልሱ ፖስታ በገባበት ጊዜ ነው አለ። መልሱ ካልደረሰ ውል የለም ቢባል፣ ተቀባዩ ደግሞ መልሴ መድረሱን የሚያረጋግጥ ሌላ ደብዳቤ ካልመጣልኝ አልታሰርም ይላል፤ ያኛውም እንዲሁ። በዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሲመላለስ ይኖራል እንጂ ውል አይኖርም።

ደንቡ በኋላ የበለጠ ጠነከረ። በ1879 የተወሰነው ጉዳይ ላይ ደብዳቤው መንገድ ላይ ጠፍቶ ከነጭራሹ ሳይደርስ ቀርቷል፤ ያም ሆኖ ውሉ ጸና። በ1880 ደግሞ ከእኛ ነገር ጋር በጣም የሚቀራረብ ጉዳይ ታየ። ከካርዲፍ ወደ ኒው ዮርክ ለቆርቆሮ ሽያጭ ሐሳብ ተላከ፤ ሻጩ ሳምንት ቆይቶ የመሻሪያ ደብዳቤ ፖስታ ቤት አስገባ። ይህ ደብዳቤ ባሕር ላይ ሳለ ገዢው ተስማምቶ መለሰ። ፍርድ ቤቱ የፖስታው ደንብ ለመሻር አይሠራም፣ መሻሪያ የሚጸናው ሲደርስ ብቻ ነው ብሎ ለገዢው ፈረደ። ለእኔ ይህ ልዩነት ፍትሐዊ ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ሰው የፖስታን መንገድ ራሱ ከፍቷል፤ አደጋውን የሚሸከመውም እሱ ቢሆን አይበዛበትም።

ስለዚህ በተራው ደንብ ብንሄድ ውላችን በ19ኛው ቀን ረግቷል፣ የ20ኛው ቀን ኢሜይልም ዘግይቷል ማለት ነው። ኃላፊው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እንግዲያው ክሱን እንጻፋ!»

የሕግ ክፍል ኃላፊዋ ግን የሻጩን ደብዳቤ እንደገና ከራስጌው ጀምረው ያነቡ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እዚያ ላይ «ገዢው መስማማቱን ለሻጩ በጽሑፍ በማስታወቅ ይገልጻል» የሚል መስመር አለ። ማንም ሰው ሲያነበው «መልሱ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን» ማለት ይመስለዋል። በእንግሊዝ ሕግ ግን ከዚያ በላይ ይሄዳል።

በ1974 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ይህንኑ የሚመለከት ነው። አንድ ቤት የመግዛት ምርጫ የተሰጠው ወገን ምርጫውን በስድስት ወር ውስጥ ለሻጩ በጽሑፍ ማስታወቂያ እንዲጠቀምበት ተስማምቷል። ደብዳቤውን በጊዜው ፖስታ ቤት አስገባ፤ ለሻጩ ግን አልደረሰም። ዳኞቹ «ማስታወቂያ ለሻጩ» ከተባለ ሻጩ እንዲያውቀው ተፈልጓል ማለት ነው፤ እንዲህ ባለ ቃል ተዋዋዮቹ የፖስታውን ደንብ ራሳቸው ገሸሽ አድርገውታል አሉ። በ1879ኙም ውሳኔ ላይ ቢሆን፣ ሐሳብ አቅራቢው ከፈለገ መልሱ ካልደረሰኝ አልታሰርም ብሎ መወሰን እንደሚችል ተነግሮ ነበር። ደንቡ የሚሠራው ተዋዋዮቹ ዝም ባሉበት ቦታ ነው።

በዚህ ሲታይ የእኛ መልስ የጸናው በ22ኛው ቀን፣ ሻጩ እጅ ሲገባ ነው። መሻሪያው ደግሞ በ20ኛው ቀን ጠዋት ደርሶናል፤ ኃላፊው ራሳቸው አንብበውታል፣ ያተሙትም እሳቸው ናቸው።

«እስከ 30 ክፍት ነው ብሎ በፊርማው ቃል ገብቶ የለም እንዴ?» አሉ። ብዙ ነጋዴ የሚሰናከለው እዚህ ጋ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ እኔንም እስካሁን ያስከፋኛል። በእንግሊዝ ሕግ ሐሳቤን እስከዚህ ቀን አላነሳም ማለት ብቻውን አያስርም። ለዚያ ቃል በምላሹ አንድ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ካልተከፈለ ቀኑ ሳይደርስ መሻር ይቻላል። በ1828 ለስድስት ሳምንት ክፍት ነው የተባለ ሐሳብ ከዚያ በፊት ሲነሳ ፍርድ ቤቱ ፈቅዷል። እኛ ለዚያ ቃል የከፈልነው ነገር አልነበረም።

ክሱ አልተጻፈም። ኃላፊዋ ለሥራ አስኪያጁ ባቀረቡት አንድ ገጽ ማስታወሻ ላይ ቀኖቹን በተራ አስቀመጡ። 19፣ ፖስታ ገባ፤ 20፣ መሻሪያ ደረሰን፤ 22፣ መልሳችን ደረሰ። ከሥሩም ያንን አንድ መስመር ቃል በቃል ገለበጡት። ማሽኑ ለሌላ ተሸጠ።

ቀጣዩ ሐሳብ ከሌላ ሻጭ ሲመጣ ኃላፊው ደብዳቤውን ይዘው ወደ እኛ የመጡት መልስ ከመጻፋቸው በፊት ነው። እሱም «በጽሑፍ በማስታወቅ» ይላል። መልሱ በኢሜይል እንዲሄድ ተስማማን። የፖስታው ደንብ ወዲያው ለሚደርስ መገናኛ አይሠራም፤ በ1955 በቴሌክስ ጉዳይ ላይ እንደተባለው፣ እንዲህ ያለ መልስ የሚጸናው ሲደርስ ነው። ስለዚህ ኃላፊው ልከው ዝም አላሉም፤ ደውለው «መልሳችን ደርሶዎታል? በጽሑፍ ያረጋግጡልን» አሉ። ማረጋገጫው ሲመጣ ከነሰዓቱ አትመው ፋይሉ ውስጥ አስገቡ፣ የወረቀቱንም ደብዳቤ በሪኮማንዴ አስከተሉ።