አትክልት ስትሠሩ ጎመኑን መጨረሻ ላይ ጨምሩት

ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ድንች በአንድ ድስት መሥራት ምን ይከብዳል ብዬ ነበር። ስለ ቅደም ተከተሉ ያስጠነቀቀኝ ሰው ቢኖር ያን ረቡዕ እንደዚያ አላፍርም ነበር።

ሁዳዴ ነው፣ እንግዳ ጠርቻለሁ። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላላሁ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ጨመርኩ። እስከዚህ ደህና ነው። ከዚያ ሦስቱንም አትክልት አንድ ላይ ከተትኩና ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቸለስኩበት፤ "ውሃ ካነሰው ያራል" ሲባል ነው የሰማሁት። ከሩብ ሰዓት በኋላ ስከፍተው ጎመኑ በስሏል፣ ካሮቱ ግን መሐሉ ድንጋይ ነው፣ ውሃው ደግሞ ካፈሰስኩት በላይ ሆኗል። ካሮቱ እስኪበስል ስጠብቅ ጎመኑ ሟሟ። ውሃውን ላደርቅ ክዳኑን ከፍቼ ሳማስል ደግሞ ድንቹ ፈራረሰ። ቢጫ ሾርባ አቀረብኩ። እንግዶቼ ዝም ብለው በሉ። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል፤ ጎመን ራሱ ውሃ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ። ጨውና ሙቀት ሲያገኝ ውሃውን ይለቃል፣ ክዳኑ ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ወደ ድስቱ ያወርደዋል።

አሁን ለአንድ መካከለኛ ጥቅል ጎመን 4 ካሮትና 3 ድንች እወስዳለሁ። ከቁሌቱ ቀጥሎ የሚገባው ካሮት ብቻ ነው፣ በትንሽ ጣት ውፍረት ተቆርጦ፣ ከአንድ የቡና ስኒ ውሃ ጋር። ይከደናል፣ እሳቱ ይቀነሳል፣ 10 ደቂቃ። ከዚያ ድንቹ ከካሮቱ ጎላ ጎላ ብሎ ይገባና ሌላ 8 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ቢላ ስትወጉበት ዳሩ ለስልሶ መሐሉ ገና እምቢ ሲል ነው የጎመኑ ተራ። ሰፋ ሰፋ አድርጋችሁ የከተፋችሁትን ጎመን ከላይ ከምሩት፣ ጨው በትኑበትና ሳታማስሉ ክደኑት። ድስቱ ሞልቶ ቢያስፈራችሁም ውሃ አትጨምሩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ጎመኑ ወርዶ ታገኙታላችሁ። ያኔ ከሥር ወደ ላይ አንዴ ቀስ አድርጋችሁ ገልብጡት፣ መልሳችሁ ክደኑ። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃዋል።

በየደቂቃው እየከፈታችሁ አትዩት፣ እንፋሎቱ ያመልጣል። ጆሯችሁን ስጡት። ቱግ ቱግ ካለ ውሃ አለው፤ እንደ ጥብስ መንጫጫት ከጀመረ ግን ሊያር ነው፣ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጎን ጠብ አድርጉለት።

ቲማቲም የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ኮምጣጣነቱ ድንቹና ካሮቱ ቶሎ እንዳይለሰልሱ ያደርጋል። የግድ ካላችሁ ሁለቱ ከበሰሉ በኋላ ይሁን። ቃሪያው እሳቱ ሊጠፋ ሲል ይገባል። ከዚያ እንደተከደነ 5 ደቂቃ ተዉት፣ ከሥር የቀረችውን ጥቂት መረቅ ድንቹ ይመጥጣታል።