ፊት ተቀያየረ፣ ብርሃኑ ቀረ

ነገሩ የተጀመረው በአረፋ ማግስት ነው፤ ሐይቅ ከተማ፣ አጎቴ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። አጎቴ ነጭ ቆቡን አድርጎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ታናሽ ወንድሜ ከጎኑ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ አምፖሉ ሥር ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አነሳኋቸውና ፎቶውን ለአያቴ አሳየኋት።

“ቁርጥ አጎቱን!” አለች እንደ ልማዷ።

“እንግዲያው ፊታችንን ቀያይረውና እንይ” አለ ወንድሜ። አጎቴ ሳቀ። “ቀያይረው! እኔ እንደሁ አተርፋለሁ፣ አርባ ዓመት ይቀነስልኛል።”

ሥራዬ ይኸው ነው። ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ፤ ጉርድ ፎቶና የሠርግ አልበም እንሠራለን። አንድ ምሽት ይበቃኛል ብዬ ነበር። አራት ፈጀብኝ።

የመጀመሪያው ምሽት ሥራ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው። አንዱን ፊት ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ፣ መጠኑን ማስተካከል፣ ጠርዙን ማለስለስ። መጠኑን በግምት አልሠራሁትም፤ ከአንዱ ዓይን ብሌን እስከ ሌላው ለካሁ። የአጎቴ 212 ፒክሴል፣ የወንድሜ 184 ሆነ። ስለዚህ የአጎቴ ፊት ወደ 87 በመቶ ማነስ፣ የወንድሜ ወደ 115 በመቶ ማደግ ነበረበት። ዓይን ከዓይን፣ የአፍ ጥግ ከአፍ ጥግ ገጠመ። ግን ሲያዩት ጭምብል ነው። ሁለቱም ካርቶን ፊታቸው ላይ ያሰሩ ይመስላሉ።

ምክንያቱ ብርሃኑ ነው። አጎቴን ያበራው ከበሩ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ነው፤ ከግራ በኩል ይመጣል፣ ለስላሳ ነው፣ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ወንድሜን ያበራው አምፖሉ ነው፤ ከላይ ከቀኝ ይወርዳል፣ ቢጫ ነው፣ ከአፍንጫው ሥር ጠርዙ የለየ ጥላ ይጥላል። ፊቶቹን ሳቀያይር ብርሃናቸውንም አብሬ አዛወርኩት። አጎቴ አምፖል ሥር ተቀምጦ በበር ብርሃን ይታያል፤ ወንድሜም እንዲሁ በተቃራኒው።

በማግስቱ አቋራጭ ፈለግሁ። የፎቶሾፕን `Match Color` ሞከርኩ። ቢጫውና ሰማያዊው ተስማማ፣ አቅጣጫው ግን ባለበት ቀረ። ትእዛዙ የፊቱን አማካይ ቀለም ነው የሚያስተካክለው እንጂ የትኛው ጉንጭ እንደበራ አያውቅም። ቀጥዬ የተለጠፈውን ፊት ግራ ቀኝ ገለበጥኩት። እውነት ለመናገር ይሄ አታለለኝ። ብርሃኑ በትክክለኛው ጎን ሆነ፤ ጨረስኩ ብዬ ለአያቴ በስልክ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

“ልጄ፣ ይሄ ጠባሳ በግራ ቅንድቡ ነበር እኮ! ፍየል ሲጠብቅ በድንጋይ ተፈንክቶ። ማን ወደ ቀኝ አዞረው?”

ዝም አልኩ። የሰው ፊት ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ሲገለበጥ የማያውቀው ሰው አይነቃም፣ አጎቴን የወለደችው ግን ትነቃለች።

ሦስተኛው ምሽት ላይ ነው ነገሩን ከሥሩ የያዝኩት። አንድን ፊት ሁለት ቦታ መክፈል ይቻላል። አንደኛው ብርሃኑ ነው፦ ከግንባር ወደ አገጭ፣ ከጉንጭ ወደ ጉንጭ ቀስ እያለ የሚለወጠው ሰፊ ድምቀትና ጥላ። ሁለተኛው ዝርዝሩ ነው፦ ቅንድብ፣ ዓይን፣ የከንፈር መስመር፣ መጨማደድ፣ ጠባሳ። የምፈልገው የአንዱን ዝርዝር በሌላው ብርሃን ላይ ማስቀመጥ ነው። ቆዳ የሚያጸዱ የሠርግ ፎቶ ሠራተኞች ይህን ክፍፍል ያውቁታል፤ እኔም በየሳምንቱ እሠራዋለሁ። ለሁለት ሰው አንድ ላይ እንደሚሆን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

በአጎቴ ቦታ ላይ የሠራሁትን ልንገራችሁ፤ የወንድሜንም ቦታ በዚሁ መንገድ ነው የሠራሁት። በመጀመሪያ ከዋናው ፎቶ የአጎቴን ፊት ቀድቼ ብቻውን ሌየር ላይ አወጣሁት። በ`Gaussian Blur` 30 ፒክሴል አደበዘዝኩትና “ብርሃን” ብዬ ሰየምኩት። ከዚያ የተለጠፈውን የወንድሜን ፊት በሁለት ቀዳሁት። አንዱን በዚያው በ30 አደበዘዝኩትና “አሮጌ ብርሃን” አልኩት። ሌላውን “ዝርዝር” አልኩትና አሮጌው ብርሃን እንዲቀነስለት `Apply Image` ውስጥ ይህን ሞላሁ፤ ፎቶው ባለ 8 ቢት ነው።

```
Layer: አሮጌ ብርሃን
Blending: Subtract
Scale: 2
Offset: 128
```

ዝርዝሩ ግራጫ ሆኖ ወጣ። የማዋሃጃ ስልቱን `Linear Light` አደረግሁ፣ አሮጌውን ብርሃን ደበቅሁ፣ ዝርዝሩን “ብርሃን” ላይ አስቀመጥኩ። የወንድሜ ፊት በበሩ ብርሃን በራ። ከወንበሬ ተነሳሁ።

ተመልሼ ስቀመጥ ግን ጉዱ ታየኝ። ወንድሜ ጺም የለውም፤ አሁን አገጩ ላይ ጥላሸት የመሰለ ነገር አለ። የአጎቴ ጺም ነው፤ ሲደበዝዝ “ብርሃን” ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ ምን ያድርግ! ጨለማ ጨለማ ነው፤ በጥላ ይጥቆር በጺም አይለይም። ከግንባሩ በላይ ደግሞ የነጩ ቆብ ድምቀት ወደ ቆዳው ፈስሷል። የወንድሜ ቅንድብና ዓይንም ገርጥተዋል፤ ጥቁረታቸው ከአሮጌው ብርሃን ጋር አብሮ ተቀንሷላ።

መላው ቀላል ነው፣ ግን እጅ ይፈልጋል። ከማደብዘዝ በፊት ብርሃን ያልሆነውን ሁሉ ማጥፋት። በሁለቱም ሌየሮች ላይ ቅንድቡን፣ ዓይኑን፣ ከንፈሩን በክሎን ብሩሽ ከጎኑ ባለው ቆዳ ሸፈንኩ። ቆቡንና ከፊቱ ጀርባ ያለውን ግድግዳም እንደዚሁ ቆዳ አለበስኳቸው፣ ሲደበዝዝ ከውጭ የሚፈስ እንዳይኖር። ውጤቱ ዓይንና አፍ የሌለው እንቁላል የመሰለ ፊት ነው፤ ሌሊት ብቻውን ለሚሠራ ሰው ደስ አይልም። ከዚያ አደበዘዝኩና ቀነስኩ። አሁን ቅንድቡ ጥቁረቱን ይዞ መጣ።

ብዙ ጊዜ የበላኝ የጺሙ ቦታ ነው። የአጎቴ ጺም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቆዳ እንዴት እንደበራ ፎቶው አይናገርም። የሚቀዳ ነገር የለም። ጉንጩንና አንገቱን አይቼ በመሃል ያለውን ራሴ ቀባሁት፦ በበሩ በኩል ያለው የአገጭ ጎን ደመቅ፣ ከከንፈር ሥር ጠቆር፣ ወደ ቀኝ እየጨለመ። ይሄ ክፍል የአጎቴ የራሱ ብርሃን ነው ብዬ አልምልም። የኔ ግምት ነው።

የማደብዘዣው መጠንም ያስቸግራል። 8 ስሞክር የአጎቴ የግንባር መጨማደድ በወንድሜ ላይ እንደ ጥላ ታየ፤ “ብርሃን” ውስጥ ብዙ ዝርዝር ቀርቷል ማለት ነው። 80 ሳደርገው ደግሞ የአፍንጫው ጎንና የዓይን ጉድጓዱ የአምፖሉን ጥላ ይዘው ቀሩ። ለዚህ ፎቶ 30 ልክ ሆነ፤ በሁለቱ ብሌኖች መካከል ካለው ርቀት አንድ ስድስተኛ ወይም አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። ለሌላ ፎቶ ከዚያው ርቀት ተነሱ።

ጠርዙ የለየ ጥላ ግን በዚህ መንገድ አይዛወርም። አምፖሉ ከወንድሜ አፍንጫ ሥር የጣለው ጥላ ቀጭን ስለሆነ ከዝርዝሩ ጋር ወደ አጎቴ ቦታ ተጓዘ። እዚያ አጠፋሁት። በአምፖሉ ሥር ባለው የአጎቴ ፊት ላይ ደግሞ በ`Curves` አዲስ ጥላ ቀባሁ። ቅርጹን ከአጎቴ አፍንጫ ጋር አስማማሁ፤ የጠርዙን ልስላሴና የቀለሙን ሙቀት በዋናው ፎቶ ላይ ካለው የወንድሜ ጥላ ወሰድኩ። ጥላ ጥቁር ነው ብላችሁ በጥቁር እንዳትቀቡት፤ በአምፖል ሥር ያለ ጥላ ቡናማ ነው።

ሁሉም አልቆ አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። ፊቶቹ ትክክል ናቸው፣ አስተያየታቸው ግን አይደለም። አቅርቤ አየሁ። በአጎቴ ብሌን ውስጥ አራት ማዕዘን ነጭ ነገር አለ፤ በሩ ነው፣ ከጎኑ ካሜራ የያዝኩት እኔ እንደ ጉንዳን ቆሜያለሁ። በወንድሜ ዓይን ውስጥ ያለው አንዲት የአምፖል ነጥብ ብቻ ናት። ፊቱን ሳዛውር አጎቴ በሩን በዓይኑ ይዞ አምፖሉ ሥር ሄዷል! የዓይኑን ነጸብራቅ ወደየቦታው መለስኩ፦ በሩን ለበሩ ጎን፣ ነጥቧን ለአምፖሉ ጎን። በግንባርና በአፍንጫ ጫፍ ላይ ያለውን የወዝ ድምቀትም እንዲሁ።

የወንድሜ ፊት በ15 በመቶ ስላደገ ከአንገቱ ይልቅ ለስለስ ብሎ ነበር፤ እንደ ደቃቅ ነጠብጣብ ያለ ጥቂት ኖይዝ ጨመርኩበት። የቆዳ ቀለሙ ራሱ ከ“ብርሃን” ጋር መጥቶ ከአንገቱ ጋር ገጥሟል። ይሄ ማለት ግን የተዛወረው መልክ እንጂ ቆዳ አይደለም፤ ወንድሜ በአጎቴ ፀሐይ የመታው ቀለም ነው የተቀመጠው። አንገትና እጅ ስለሚታይ ተውኩት።

ብርሃኑ መቅረቱን ያረጋገጥኩት እንዲህ ነው። ያለቀውን ፎቶና ዋናውን ሁለቱንም በ30 አደበዘዝኩና በ`Difference` አንዱን በሌላው ላይ አደረግሁ። ብርሃኑ ካልተነካ ጥቁር መውጣት አለበት። ከጺሙና ከቅንድቦቹ አካባቢ በቀር ጥቁር ወጣ። በግራ ጉንጭ ላይ ግን ደብዛዛ ግራጫ ነገር ነበረች፤ የተለጠፈው ፊት እስከየት እንዲታይ የሚወስነው ማስክ ወደ ፀጉሩ ገብቶ ኖሯል። መለስኩት።

ሁሉም ፎቶ እንዲህ ይሆናል ብላችሁ እንዳትገቡበት። ሁለቱ ወደ ካሜራው እኩል ስለዞሩ ነው የተሳካልኝ። ከዚያ በፊት አንዱ ወደ ጎን ዞር ያለበት ሌላ ፎቶ ሞክሬ ነበር፤ አፍንጫው ሌላ አቅጣጫ እያየ የብርሃኑ መገጣጠም ምንም አልረዳውም።

ትልቅ አድርጌ አሳተምኩትና ሐይቅ ወሰድኩት። አያቴ መጀመሪያ ጠባሳውን ፈለገች። በግራ አገኘችውና ወደ አጎቴ አቀበለችው። እሱ መነጽሩን አድርጎ በራሱ ቆብ ሥር የተቀመጠውን ጎረምሳ ለረጅም ጊዜ አየ።

“መልኩስ መልኩ ነው” አለ በመጨረሻ። “ጆሮው ግን የኔ ነው።”

እውነቱን ነው። ማስኩን ከጆሮ በፊት ነበር ያቆምኩት።