«ያን ሌሊት ማንን ጠሩ?»

በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ ቃለ መጠይቅ ልሠራ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ሄድሁ። ይዤው የሄድሁት ጥያቄ አጭር ነበር። ሰው እግዚአብሔርን የሚያስበው በወላጁ አምሳል ነው? ወይስ ልጅ ሆኖ ወደ እናቱ ጉያ በሚሮጥበት መንገድ ነው ወደ እግዚአብሔር የሚሮጠው? ሁለቱ ሲሰሙ አንድ ይመስላሉ፤ እኔም አንድ መስለውኝ ነው የጀመርሁት።

የመጀመሪያው የኦስትሪያዊው የአእምሮ ሐኪም የሲግመንድ ፍሮይድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ስለ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በጻፈው ላይ አምላክ ከፍ ከፍ ተደርጎ የተሣለ አባት እንጂ ሌላ አይደለም አለ። በ1927 ደግሞ ሰፋ አድርጎ ሄደበት፦ ሰው አድጎም በበሽታና በሞት ፊት ያው ሕፃን መሆኑን ሲያየው፣ ልጅ ሳለ የሚከልለውንም የሚያስፈራውንም አባት ሰማይ ላይ መልሶ ያቆመዋል። ሁለተኛው መነሻው እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦውልቢ ነው። ቦውልቢ እንዳለው ሕፃን ሲፈራ፣ ሲታመም ወይም ሲለይ ወደ አንድ የሚያውቀው ሰው የሚያስጠጋው ነገር በተፈጥሮው አለ፤ ይህ ቁርኝት ከረሃብና ከጥቅም የተለየ ነው፣ ሰው ሲያድግም አይጠፋም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊ ኪርክፓትሪክና ፊሊፕ ሼቨር እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን አንሥተው ሃይማኖት ላይ ሞከሩት፤ ኋላ ስዊድናዊው ፔር ግራንክቪስት ዕድሜውን ሰጠው ማለት ይቻላል።

የቆሎ ተማሪዎችን የመረጥሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ቦውልቢ የጻፈው ስለ መለየት ነው፤ ጎጃም ውስጥ ደግሞ በስምንትና በዐሥር ዓመቱ፣ ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ እንኳ ሳይናገር፣ ደበሎና አኩፋዳ ይዞ ከቤት የሚጠፋ ልጅ ሞልቷል። ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ ቁራሽ የሚለምነውም በአባት ስም ሳይሆን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው። ይህን አረፍተ ነገር ልጅ ሆኜ ከደጃችን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! ጥናት ውስጥ ይገባል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከንቱ ቀረ። ከውጭ መጠይቅ ተርጉሜ ይዤ ነበር፦ «እግዚአብሔር ለእርስዎ መሐሪ ነው? ቅርብ ነው? ቁጡ ነው?» ከዚያ ስለ አባትና እናት ያንኑ መጠየቅና ማመሳከር። ስምንቱም ሰዎች ስለ እግዚአብሔር የመለሱት አንድ ዓይነት ነው፦ መሐሪ፣ ቸር፣ የቅርብ። ዳዊት በቃሉ የሚደግም ሰው ሌላ ምን ሊል ነው? እኔ የለካሁት የተማሩትን ትምህርት ነው። ስለ አባትና እናትም ያው፤ «ደግ ነበሩ» የማይል የለም፣ ወላጅን ማማት ነውር ነውና።

መውጫውን ያገኘሁት ከዚያው ከቁርኝት ጥናት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሜሪ ሜይንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያበጁት ለአዋቂዎች የሚሆን ቃለ መጠይቅ አለ። ስለ ወላጅህ አምስት ቃላት ስጥ ይልሃል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ የሆነ ነገር፣ አንድ ቀን፣ አንድ ትዝታ ይጠይቅሃል። የሚመዘነው ልጅነትህ ጥሩ መሆኑ አይደለም፤ ቃሉና ትዝታው መገጣጠማቸው ነው። «ደግ ነበር» ብሎ አንድም ደግ ቀን ማምጣት ያቃተው ሰው የሚነግርህ ነገር አለ። ስለዚህ ለእግዚአብሔርም ያንኑ አደረግሁ። «ምን ዓይነት ነው?» ማለቱን ትቼ «ያን ሌሊት ማንን ጠሩ?» ማለት ጀመርሁ።

አንዱን በዝርዝር ልንገራችሁ። መሪጌታ ናቸው፣ በጊዜው ስድሳውን ያለፉ። ግቢያቸው ውስጥ ጠላ ቀርቦልን፣ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው ባታቸው ላይ ያለውን ጠባሳ አሳዩኝ። ከቤት በጠፉ በሁለተኛው ወር ሲመሽ ሊለምኑ የቆሙበት ቤት ውሻ የነከሳቸው ነው።

«ያን ጊዜ ማንን ጠሩ፣ መሪጌታ?»

«እመ አምላክን ነዋ! ሌላ ማንን ልጥራ፣ ልጄ?»

«አባትዎን አልጠሩም?»

ሳቁ። «አባቴን ብጠራና ቢሰማኝ ኖሮ፣ ውሻውን ትቼ ከእሱ ነበር የምሸሽ።»

ቀድሜ የጠየቅኋቸው ስለ ወላጆቻቸው ነበር። እናታቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ተፋትታ ሌላ አገር አገባች። አባታቸው ቃል የሚቆጥብ፣ በትር የማይቆጥብ ሰው ነበር። እኔም ማታ ማስታወሻዬ ላይ ትንቢቴን ጻፍሁ፦ ቁርኝታቸው ያልጸና ነው፣ ቢጠሩት ይመጣል ብለው የሚተማመኑበት ሰው አልነበራቸውም፤ ስለዚህ እምነታቸው ያጡትን መጠጊያ የሚተካ፣ የማካካሻ ይሆናል። የኪርክፓትሪክና የሼቨር ግኝት ያለው ይህንን ነው፤ ከእናታቸው ጋር የነበራቸው ቁርኝት ያልጸና ሰዎች ዘንድ በድንገት ወደ እምነት መዞር ይበዛል። የግራንክቪስት ሥራም ያጠናክረዋል፦ የእንዲህ ያለ ሰው እምነት በጭንቅ ጊዜ ይነድዳል፣ ጭንቁ ሲያልፍ ይበርዳል። ቁርኝቱ የጸና ልጅ ግን ያሳዳጊውን እምነት ቀስ እያለ ይወርሳል፤ አሳዳጊው ሃይማኖተኛ ከሆነ እሱም ይሆናል፣ ካልሆነም አይሆንም። እዚያው ዳዊት ውስጥ አባትና እናት ቢተዉም እግዚአብሔር ተቀበለኝ የሚል ቃል አለ፤ መሪጌታ ለዚያ ቃል የተሠሩ መሰለኝ።

በማግስቱ ትንቢቴ ፈረሰ። የመሪጌታ እምነት የሚነድድም የሚበርድም አልሆነም። «የጀመርሁበት ቀን የለውም» አሉኝ፤ ሚስታቸው የሞቱ ጊዜም ጸሎታቸው አልጨመረ፣ አልቀነሰ። ግራ ገብቶኝ ልጅ ሳሉ ሲታመሙ ማን ያስታምማቸው እንደነበር ጠየቅሁ። አያታቸው ወጡ። ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው! ንዳድ ይዟቸው ሌሊት አዝለዋቸው ጠበል ድረስ ሄደዋል፤ በነጠላቸው ሸፍነው «ማርያም አለች፣ ማርያም አለች» እያሉ። መሪጌታ ይህን ሲናገሩ እጃቸው ሳያውቁት የሌለ ነጠላ ወደ ትከሻቸው ይስብ ነበር። ለአያታቸው «አዛኝ» ብለው ነበር፤ ይኸው ቃሉም ትዝታውም ገጠመ። አባታቸውን «ደግ» ብለው ነበር፤ ለዚያ ግን ብዙ ዝም ብለው አንድም ቀን አላመጡም።

ደስ አለኝ፤ ነገሩ ሁሉ ተፈታ አልሁ። ጸንቶ ከቆየ ቁርኝት የተወረሰ እምነት ነው! ይዤው ወደ አማካሪዬ ስሄድ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ትናንት ማካካሻ አልህ፣ ዛሬ ውርስ አልህ። ነገ ደግሞ የማይገጥም ሰው ሲመጣ አክስት ትፈልግለታለህ።» እውነቱን ነው። የዚህ ንድፈ ሐሳብ ትልቁ ወጥመድ ይኸው ነው፤ ሁለት በር ስላለው ማንም ሰው በአንዱ ይገባል። እምነቱን ከሰማህ በኋላ አሳዳጊ ፍለጋ ከሄድህ ሁልጊዜ ታገኛለህ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። ከቀሩት ሰዎች ጋር በመጀመሪያው ቀን ስለ እግዚአብሔር አንድም ቃል አልጠይቅም። «እናትና አባት» ብዬም አልጀምርም፤ «ሌሊት ሲያምዎ ማን ይነሣ ነበር?» ነው የምል። ከዚያ አሳዳጊው ሃይማኖተኛ መሆን አለመሆኑን እጠይቃለሁ። ማታ ትንቢቴን ጽፌ፣ አሽጌ ለጓደኛዬ እሰጣለሁ። ስለ እምነት የምጠይቀው በሁለተኛው ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትንቢት አንዳንዱ ያዘ፣ አንዳንዱ ከሸፈ። በስምንት ሰው የሚረጋገጥ ነገር የለም፤ ግን መክሸፍ መቻሉ ራሱ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሻላል። ደግሞ ሰው ሁሉ አማኝ በሆነበት አገር «ማን አመነ፣ ማን አላመነም» ብሎ ማወዳደር አይቻልም። የሚታየው የእምነቱ አካሄድ ነው፤ ቀስ ብሎ የመጣ ወይስ በድንገት፣ በኀዘን ጊዜ የሚወጣና የሚወርድ ወይስ ባለበት የሚኖር።

ፍሮይድስ? የውሻው ሌሊት ለእሱ አይመቸውም። ንድፈ ሐሳቡ የቆመው በአባት ላይ ነው። እናት አማልክት በዚህ ታሪክ ውስጥ የት እንደሚገቡ መናገር እንደማይችል እ.ኤ.አ. በ1913 ራሱ ጽፏል። ማርያም በእኛ እምነት አማላጅ እንጂ አምላክ አይደለችም፤ ቢሆንም ልጁ በጨለማ የሚጠራው እሷን ነው። «እግዚአብሔር» ብቻ የሚል መጠይቅ ጎጃም ላይ ይህን ሁሉ ሳያይ ያልፋል፤ የተረጎምሁት መጠይቅ ሁለተኛው ስሕተት ይህ ነበር። በተረፈ ለፍሮይድ ፍርድ እንስጠው። ሕፃንን ከፍርሃት በመጀመሪያ የምትጠብቀው እናት መሆኗን በ1927ቱ ጽሑፉ ተናግሯል፤ ብቻ ወዲያው ቦታዋን ለበረታው አባት ይሰጥባታል። ደግሞ ስለ ንስሐና ስለ ቀኖና ስጠይቅ የተሻለ የረዳኝ እሱ ነው። መሪጌታ ስለ ፍርድ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ወደ የኔታቸው አለንጋ ይሄድ ነበር። ቁርኝት መጠጊያን ያስረዳል፤ ሰው ያልታየበትን ጥፋት ለምን ራሱ ሄዶ እንደሚናዘዝ ግን ብዙም አይነግርህም።

አንድ ቄስ ሥራዬን ሰምተው «ታዲያ ከአያታችን የፈጠርነው ነው ልትል ነው?» ብለው ተቆጡኝ። መልሴ የፍሮይድ ነበር፣ ስሙን አልጠራሁም እንጂ። ምኞት የወለደው እምነት ሁሉ ሐሰት ነው አላለም፤ ምሳሌውም ልዑል መጥቶ ያገባኛል ብላ የምትጠብቅ ተራ ልጅ ናት፣ አልፎ አልፎ ይመጣልና። ሰው መጠጊያን መፈለግ የት እንደተማረ ማወቅ መጠጊያው መኖር አለመኖሩን አይወስንም። ቄሱ ረክተው አልሄዱም።

ጽሑፉን ካስገባሁ ከወራት በኋላ መሪጌታ ደወሉልኝ። «ያን የአባቴን ነገር አገኘሁት» አሉኝ። ከቤት በጠፉ በዓመቱ አባታቸው ጉባኤ ቤቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ዜማ ሲቀጽሉ ከሩቅ አየ፤ አላናገራቸውም። አዲስ ደበሎ ለየኔታ ሰጥቶ ሄደ። መሪጌታ ያን ደበሎ የየኔታ ስጦታ ነው ብለው ለብሰው ጨረሱት፤ እውነቱን የሰሙት አባታቸው ከሞተ በኋላ ነው።

«ይኼስ የት ይገባል?» አሉኝ።

ማስታወሻዬ ላይ፣ ባዶ ትቼው ከነበረው «ደግ» ከሚለው ቃል ጎን፣ እንዳሉኝ አድርጌ ጻፍሁት።