ሦስት ገጽ የነበረው የውሃ ቢል ቅሬታዬ እንዴት ግማሽ ገጽ ሆነ

ባለፈው ጥቅምት የመጣብን የውሃ ቢል 92 ሜትር ኪዩብ ይላል። እኛ ቤት በወር ከ11 እስከ 14 ነው የምንጠቀመው። ጥቅምት 11 ቀን ወጥቼ ቆጣሪውን አየሁት። ቢሉ ላይ የተጻፈው ንባብ 1386 ነው፤ ቆጣሪው ግን ገና 1308 ላይ ነው። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ከዚያ ሦስት ጊዜ ቢሮ ተመላለስኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ "በጽሑፍ አቅርብ" ተባልኩ።

ያን ማታ በንዴት ሦስት ገጽ ሞላሁ። አጀማመሬ "ሕዝብን ማስለቀስ ሥራዬ ብሎ የያዘ መሥሪያ ቤት" የሚል ነበር። ስጨርስ ቅልል አለኝ። ጠዋት ለጎረቤታችን አሳየኋቸው። መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ጥሩ ተናድደሃል። ግን ምን እንዲያደርጉልህ ነው?"

"ይኸው ጋሼ፣ መጨረሻው ላይ 'አስፈላጊው ማስተካከያ በአስቸኳይ እንዲደረግልኝ' ብያለሁ።"

"አስፈላጊው የቱ ነው?"

መልስ አጣሁ። እሳቸው ነገሩን በሥራቸው ያውቁታል። ኃላፊው ማመልከቻውን ያይና ጠርዙ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ወደ ክፍሉ ይመራዋል። "ያቺን መስመር አንተ ካላቀበልከው 'ተጣርቶ ይቅረብ' ይላታል፤ ወረቀትህም ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል" አሉኝ።

ስለዚህ ከመጨረሻው ጀመርኩ። ጥያቄዬን ሦስት አደረግኩት። አንባቢ መጥቶ ቆጣሪውን በድጋሚ እንዲያነብ፤ የጥቅምት ቢል ተሰርዞ በትክክለኛው ንባብ እንደገና እንዲሰላ፤ ይህ እስኪያልቅ ቅጣት እንዳይታሰብና ውሃው እንዳይቋረጥ። እነዚህን ከጻፍኩ በኋላ ሌላው ቀለለኝ። አንድን ዓረፍተ ነገር ሳይ "ከሦስቱ የትኛውን ይደግፋል?" እላለሁ። የማይደግፍ ከሆነ ይወጣል።

ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የንዴት ቃላቱን አሰመርኩባቸው። መጀመሪያ ዝም ብዬ ልሰርዛቸው ነበር። ግን አንዳንዱ ንዴት ሥር ማስረጃ ተደብቋል። "አንጀቴ እስኪቃጠል ተመላልሼ ሰሚ አጣሁ" የሚለው "ጥቅምት 12፣ 14 እና 18 በአካል ቀርቤ አመልክቻለሁ" ሆነ። "ሆን ብለው ሊዘርፉኝ" የሚለው ግን ሥሩ ባዶ ነው። ሆን ብለው ይሁን አይሁን በምን አውቃለሁ? ደግሞስ ወረቀቱን የሚያየው የአንባቢው የሥራ ባልደረባ ነው። ሌባ ከተባለ ይከላከልለታል፤ ተሳስቷል ከተባለ ያርመዋል።

ድግግሞሹ ነው ያሳፈረኝ። ያው የንባብ ጉዳይ አራት ቦታ ተጽፏል፤ ያውም በአራት ዓይነት ቁጥር። አንዱ ጋ "ወደ 80 የሚጠጋ"፣ ሌላው ጋ "ከ90 በላይ"፣ ሦስተኛው ጋ "መቶ ሊሞላ ምንም ያልቀረው" እላለሁ። ደጋግሜ ያጠናከርኩት መስሎኝ ራሴን ነው የተቃረንኩት። አራቱን አጠፋሁና እንዲህ ብዬ አንዴ ጻፍኩ፦

"የመስከረም ንባብ 1294 ነው። የጥቅምት ቢል ንባቡን 1386 ይላል። ቢሉ ከተነበበ ከ5 ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን፣ ቆጣሪው የሚያሳየው 1308 ነው (ፎቶ ተያይዟል)።"

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ያላየሁት ነገር ብቅ አለ። 1306 ተብሎ መነበብ የነበረበት 1386 ተብሎ ቢሆንስ? ዜሮዋ ስምንት መስላቸው! 1306 ላይ 1294 ሲቀነስ 12 ይመጣል፤ የወር ፍጆታችን ማለት ነው። ይህንን ግን "ሊሆን ይችላል" ብዬ ነው የጻፍኩት። እርግጠኛው ነገር ቆጣሪው ገና 1386 አለመድረሱ ነው።

አንድ ቦታ ከልክ በላይ ቆርጫለሁ። እናቴ አልጋ ላይ መዋሏን "ይህም ስሜት ነው" ብዬ አውጥቼው ነበር። ጎረቤታችን "ውሃው እንዳይቋረጥ የምትለው ለምንድነው ታዲያ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሦስተኛው ጥያቄ ሥር መለስኩት። መጀመሪያ ግን ግማሽ ገጽ ልቅሶ ነበር።

ሁለት ቅጂ አትሜ ወሰድኩ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አደረጉት፤ በእኔ ቅጂ ላይ ቀንና ቁጥር ጽፈው ማህተም አሳረፉበት። ኃላፊው እዚያው ቆሜ አነበበው። ጠርዙ ላይ የጻፈው የኔኑ የመጀመሪያ ሁለት ጥያቄዎች ነው ማለት ይቻላል፦ "ቆጣሪው በድጋሚ ተነብቦ ቢሉ ይስተካከል።"

በሳምንቱ አንባቢው መጣ። የቆጣሪውን ክዳን ከፍቶ ጭቃ የያዘውን መስታወት በአውራ ጣቱ ጠረገው። ጎንበስ ብሎ አየና ትንሽ ዝም አለ።

"ዜሮ ነበረች ለካ" አለ።