ከላይ ሌላ፣ ከውስጥ ሌላ፦ የተቆላ ቡናን በዓይንና በብርሃን ነጸብራቅ እንዴት እንደምለካ

በአንድ ዙር አንድ ኪሎ በምትቆላ አነስተኛ ማሽን ለጥቂት ደንበኞች ቡና እየቆላሁ አቀርባለሁ። ደንበኞቼ አጥብቀው የሚጠይቁኝ የዛሬው ቡና ካለፈው ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ነው። ለዚህ ለረጅም ጊዜ የተማመንኩት በዓይኔ፣ በሽታውና ፍሬው ሲንጣጣ በሚያሰማው ድምፅ ነበር። ሁለት ፍሬዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው እንደጠቆረ ለመለየት ዓይን በቂ ነው፤ የሚያስቸግረው የዛሬውን ቡና ካለፈው ሳምንት ጋር ማነጻጸር ነው፤ ምክንያቱም ቀለምን በትውስታ በትክክል ይዞ ማቆየት አይቻልም። በዚያ ላይ በቢጫ አምፖል ሥር ያየነው ቡና በማግስቱ በቀን ብርሃን ስናየው ሌላ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ስመለከት ሁልጊዜ በመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ቦታ፣ ግራጫ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ነው።

የቡናው አዘገጃጀትም ዓይንን ያታልላል። የታጠበ ቡና ሲቆላ በፍሬው መሐል ያለው ስንጥቅ ነጣ ብሎ ስለሚቀር ፍሬው ከእውነተኛው ደረጃ ይልቅ የፈካ ይመስላል። በደረቅ የተዘጋጀው ቡና ግን ስንጥቁም ስስ ገለፈቱም ቡናማ ስለሚሆን ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ከፍሬ ፍሬ ያለው የቀለም ልዩነትም ይሰፋል። የይርጋጨፌ የታጠበና የጉጂ ደረቅ ቡና በዓይን አንድ ዓይነት ቢመስሉ አንድ ዓይነት ተቆልተዋል ማለት አይደለም።

በንግዱ ዓለም ለዚህ የታወቀው መለኪያ አግትሮን ነው። መሣሪያው ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለውንና በዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ቡናው ላይ አሳርፎ የተመለሰውን መጠን በቁጥር ይገልጻል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቡናው ፈካ ያለ፣ ዝቅ ሲል የጠቆረ ነው። የስፔሻልቲ ቡና ማኅበር ለቅምሻ ናሙና ሲሰጠው የቆየው መመዘኛ ሳይፈጭ 58፣ ተፈጭቶ 63 ሲሆን የሚፈቀደው ልዩነት 1 ነው። ሁለት ቁጥሮች መሰጠታቸውን ልብ ይሏል፤ የፍሬው ላይኛው ክፍል ከውስጡ ይበልጥ ስለሚጠቁር ያው ቡና ሲፈጭ ፈካ ብሎ ይለካል።

መሣሪያው ለእኔ አቅም ውድ ስለሆነ አንድ ቀላል መለኪያ ሠራሁ። አንድ ኢንፍራሬድ ኤልኢዲ፣ አንድ ብርሃን ተቀባይ ፎቶዳዮድና ንባቡን በቁጥር የሚያወጣ አንድ አርዱይኖ ቦርድ ውስጡን በጥቁር ጨርቅ በለበጥኩት ጠባብ ሣጥን ውስጥ ገጠምኩ። ፎቶዳዮዱ ናሙናውን ቀጥ ብሎ ከላይ ያየዋል፤ ኤልኢዲው ግን በ45 ዲግሪ አጋድሎ ያበራል። ይህ አቀማመጥ ዋናው ነገር ነው፤ ከፍሬው ወለል ላይ እንደ መስታወት የሚንጸባረቀው ብርሃን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚሄድ ፎቶዳዮዱ የሚቀበለው በአብዛኛው ቡናው ውስጥ ገብቶ የተመለሰውን ብቻ ነው። ለነጭ ማመሳከሪያ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበትን ነጭ ቴፍሎን ደጋግሜ አጣጥፌ ወፈር ያለ ምንጣፍ አደረግሁት። ስሌቱ ይህ ብቻ ነው፦

```
R = 100 * (S - D) / (W - D)
```

R ናሙናው ከነጩ አንጻር የመለሰው ብርሃን በመቶኛ ነው፤ S የናሙናው፣ W የነጩ ቴፍሎን፣ D ደግሞ ሣጥኑ ባዶውን ሲሆን የሚታየው ንባብ ነው። ኤልኢዲው ሲሞቅ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ከመለካቴ በፊት ጥቂት ደቂቃዎች አብርቼ አቆየዋለሁ፤ ነጩንም ከእያንዳንዱ ናሙና በፊት እንደገና እለካለሁ።

ከመሣሪያው ይልቅ ያስቸገረኝ የናሙናው አቀራረብ ነው። ያው ቡና ይበልጥ ደቅቆ ሲፈጭ ፈካ ብሎ ይለካል፤ ስለዚህ የመፍጫውን ቁጥር ለዚህ ሥራ አንድ ቦታ ላይ አቁሜዋለሁ። የተፈጨውን በጠፍጣፋ ሳህን ሞልቼ ከላይ በማስመሪያ እጠርገዋለሁ እንጂ አልጫነውም፤ ሲጫኑት ወለሉ ስለሚለሰልስ ንባቡ ይለወጣል። ቡናው እስኪቀዘቅዝም እጠብቃለሁ። ሳህኑን እያዞርኩ ሦስት ጊዜ ለክቼ አማካዩን እወስዳለሁ፤ ላልተፈጨው ግን በፍሬዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ንባቡን ስለሚያወዛውዝ ፍሬውን እያናወጥኩ ደጋግሜ መለካት ግድ ይላል። በዚሁ ምክንያት ያልተፈጨውን የማነጻጽረው ካልተፈጨው ጋር ብቻ ነው።

የእኔን ቁጥር ከታወቀው ጋር ለማያያዝ ፈካ ያለ፣ መካከለኛና ጠቆር ያለ ናሙና ወስጄ አግትሮን ባለበት የቅምሻ ቤተ ሙከራ አስለካሁ። ተፈጭተው በእነርሱ መሣሪያ 78፣ 63 እና 48 ሲሆኑ፣ በእኔ 31.2፣ 24.1 እና 17.3 ሆኑ። የእኔ አንድ ነጥብ በእነርሱ ሁለት ነጥብ ከምናምን ነው ማለት ነው፤ በዚህ ክልል ውስጥ ግንኙነቱ በቀጥታ መስመር ሊገለጽ ይችላል። ከዚያ ክልል ውጪ ግን መስመሩን አርዝሜ አላምነውም።

መለኪያው ጥቅሙን ያሳየኝ በአንድ የጉጂ ደረቅ ቡና ላይ ነው። አስቀድሜ የቆላሁት የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና ሳይፈጭ 22.3፣ ተፈጭቶ 24.4 ነበር። ጉጂውን በዓይን ከእርሱ ጋር እስኪመሳሰል ቆልቼ ባወጣው ሳይፈጭ 22.1 ሆነ፤ በዚህ ብቻ ቢፈረድ ሥራው ተጠናቋል። ተፈጭቶ ግን 28.0 ሆነ፤ በአግትሮን ወደ 71 ይጠጋል። አንድ ፍሬ በጥፍሬ ሰንጥቄ ስመለከት ዳሩ ቡናማ፣ መሐሉ ግን የደረቀ ሣር የመሰለ ፈዛዛ ነበር። ክብደቱም ይህንኑ መሰከረ፤ ይርጋጨፌው ከ1000 ግራም ወደ 856 ሲወርድ ጉጂው 869 ላይ ቀርቷል። በቅምሻ ያልበሰለ ገብስ ቆሎ የሚመስል ጣዕም ነበረው።

በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ስፋት ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዴት እንደገባ ይናገራል። ማሽኑ በጣም ግሎ ሳለ ቡናው ሲገባ ላዩ ቶሎ ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ሳይደርስበት ይቀራል። ስለዚህ ጉጂውን በሚቀጥለው ዙር የመነሻውን ሙቀት ዝቅ አድርጌ አስገባሁት፤ ከመጀመሪያው መንጣጣት በኋላ ያለውንም ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ወደ አንድ ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ገደማ አራዘምኩት። ሳይፈጭ 21.8፣ ተፈጭቶ 24.9 ሆነ፤ የገብሱም ጣዕም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የምመዘግበው ሁለቱንም ንባብ ከክብደቱ ቅናሽ ጋር ነው፤ አንዱ ብቻውን ብዙም አይነግረኝም።

በጥቁር አቆላል ላይ መለኪያው ይደክማል። ከሁለተኛው መንጣጣት በኋላ ዘይት ወደ ፍሬው ላይ ይወጣል፤ ፍሬው ክብ ስለሆነም የ45 ዲግሪው አቀማመጥ ነጸብራቁን ሁሉ ሊከላከለው አይችልም፤ የሚያንጸባርቀው ፍሬ ከእውነቱ ይበልጥ ፈካ ብሎ ይለካል። ዘይቱ ከተቆላ ቀናት በኋላም ሊወጣ ስለሚችል ያው ቡና ሳይፈጭ በተለያየ ቀን የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። ጥቁር የሚፈልጉ ደንበኞች ሲያዙኝ ሳይፈጭ የተለካውን ትቼ የምይዘው የተፈጨውን ብቻ ነው፤ እሱንም በተቆላ ዕለት፣ እንደቀዘቀዘ እለካዋለሁ።