የፈረንሳይኛ ኢንቮይስና የባንክ መግለጫ ሲተረጎም ኮማው እንዳለ አይገለበጥም

ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የሂሳብ ሰነዶችን መተርጎም ስጀምር፣ ሥራውን የሰጠኝ የትርጉም ድርጅት መመሪያ «ቁጥሮች በዋናው ሰነድ ላይ እንዳሉ ይገልበጡ» ይል ነበር። ትእዛዙ ለሰነዱ ታማኝነት የታሰበ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። በፈረንሳይኛ ኮማ የአስርዮሽ ምልክት ሲሆን ሺዎች የሚለዩት በባዶ ቦታ ነው፤ የእንግሊዝኛ አንባቢ ደግሞ ኮማ ሲያይ ሺ ብሎ ያነባል።

ጉዳዩ የተበላሸው በአንድ ተራ የአይብ ኢንቮይስ ነው። መጠኑ 1,250 ኪሎ፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 16,00 ዩሮ፣ ከታክስ በፊት ድምሩ 20,00፣ የተጨማሪ እሴት ታክሱ በ5,5 በመቶ 1,10፣ ጠቅላላው 21,10 ነበር። እንደታዘዝኩት ቁጥሮቹን ሳልነካ አስረከብኩ፤ ተቀባዩ መሥሪያ ቤትም «ሂሳቡ አይገጥምም» ብሎ መለሰው። ሠራተኛው መጠኑን አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ኪሎ ብሎ አንብቦ በ16 አባዝቶ ሃያ ሺህ አግኝቷል፤ ሰነዱ ላይ ያለው ግን ሃያ ዩሮ ነው። እኔ በእሱ አልፈርድም። ከኮማው በኋላ ሁለት አሃዝ ሲኖር አንባቢ አንድ ነገር ይጠረጥራል፤ ሦስት አሃዝ ሲኖር ግን ቁጥሩ በራሱ ቋንቋ የተጻፈ ስለሚመስለው የሚጠረጥርበት ምክንያት የለውም። የትርጉም ድርጅቱ ግን ስህተቱን ተቀብሎ መመሪያውን በማረም ፈንታ ለምን ማብራሪያ እንዳልጻፍኩ ጠየቀኝ፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ከዚያ ወዲህ መመሪያው ምንም ቢል መጠኑን 1.250 ኪሎ፣ ድምሩን EUR 20.00 ብዬ እጽፋለሁ፤ እያንዳንዱንም መስመር መጠኑን በዋጋው አባዝቼ ሳላረጋግጥ አላስረክብም። በኪሎና በኪሎዋት ሰዓት የሚሸጡ ነገሮች ሦስትና አራት የአስርዮሽ አሃዝ ስለሚኖራቸው በተለይ እነሱ ላይ እቆያለሁ።

የባንክ መግለጫ ላይ የሚያስቸግረው ደግሞ ባዶ ቦታው ነው። በ1 200,00 ውስጥ ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ተራው ክፍተት ሳይሆን መስመር እንዳይሰበር የሚያደርገው ልዩ ቁምፊ ነው፤ ስለዚህ በኤክሴል ውስጥ ተራውን ክፍተት ፈልጎ ማጥፋት አይነካውም። ክፍተት ያለበት መጠን ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ የድምር ቀመሩም ምንም ስህተት ሳያሳይ ይዘለዋል። በአንድ መግለጫ ላይ የመነሻ ቀሪው 2 314,60፣ ገቢው 3 150,00፣ ወጪው 1 879,45፣ የመዝጊያ ቀሪው 3 585,15 ነበር። የእኔ ሰንጠረዥ ወጪውን 679.45 አለው፤ የጎደለው 1 200 ልክ የቤት ኪራዩ መስመር ነው። ጉድለቱ ከአንድ መስመር መጠን ጋር እኩል ሲሆን ምክንያቱን መጠርጠር ያለብን እዚሁ ላይ ነው። አሁን የምጠቀመው ይህንን ነው፦

```
=NUMBERVALUE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(A2,UNICHAR(8239),""),UNICHAR(160),""),",",".")
```

ይህ ልዩ ክፍተት ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀመሩ ጠባቡንም (8239) መደበኛውንም (160) ያስወግዳል፤ ኮማውንም የአስርዮሽ ምልክት እንደሆነ አድርጎ ያነባል። ከዚያ በኋላ የመነሻ ቀሪው ላይ ገቢውን ደምሬ ወጪውን ስቀንስ ውጤቱ ከታተመው የመዝጊያ ቀሪ ጋር እስከ ሳንቲሙ መግጠም አለበት።

ቀንን በተመለከተ ወሩን በፊደል መጻፍ ይበቃል፤ 03/04/2023 በፈረንሳይ ሚያዝያ (አፕሪል) 3 እንጂ ማርች 4 አይደለም። ኤክሴሉ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ እስከ 12 ያሉት ቀኖች በጸጥታ ተገልብጠው ወደ ቀኝ ይጠጋሉ፤ ከ13 ጀምሮ ያሉት ጽሑፍ ሆነው በግራ ይቀራሉ። ዓምዱ በሁለት ከተከፈለ ቀኖቹን ከመለጠፌ በፊት ዓምዱን ጽሑፍ አድርጌ እንደገና እጀምራለሁ። ቀንና ወር ብቻ የያዙ መስመሮች ላይ ዓመቱን ከመግለጫው ራስጌ እወስዳለሁ፤ ከዲሴምበር ወደ ጃንዋሪ የሚሻገር መግለጫ ሲሆን ግን ሁለት ዓመት እንዳለበት አልዘነጋም።

ገንዘቡን ወደ ሌላ ገንዘብ መለወጥ ግን የተርጓሚ ሥራ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ተቀባዩ ቢጠይቅም። ምንዛሪ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ፣ በሰንጠረዡ ውስጥ የገባ የተቀየረ መጠን ከዋናው ሰነድ ጋር ሊመሳከር አይችልም። ቋሚ ምንዛሪ ያለው የቀድሞው ፍራንክ እንኳ (1 ዩሮ በ6,55957 ፍራንክ) በአሮጌ ኢንቮይስ ላይ ፍራንክ ሆኖ ይቆያል። አጥብቀው ከጠየቁኝ ከሰነዱ ግርጌ በተርጓሚ ማስታወሻ የምንዛሪውን ተመን፣ ቀኑንና ምንጩን ጽፌ የጠቅላላውን ድምር ብቻ እቀይራለሁ።