ከሩቅ የሚርገበገቡት የጀጎል በሮች፦ ዚ-ፋይቲንግን እንዴት አጠፋሁት

የሐረር ጀጎልን የስሪዲ ሞዴል በኦፕንጂኤል ስሠራ ከሁሉም በላይ ያስቸገሩኝ የቤቶቹ በሮች ናቸው። ጠጋ ብለው ሲያዩዋቸው አብዛኞቹ ምንም እንከን የለባቸውም። ካሜራው 60 ሜትር ገደማ ሲርቅ ግን ቡናማው የእንጨት በርና ከኋላው ያለው ነጭ ግድግዳ ይቀላቀሉና በሩ ላይ ነጭና ቡናማ ዥጉርጉር መስመር ይወጣል። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር መስመሮቹ ቦታ እየቀያየሩ ይርገበገባሉ፤ ካሜራው ሲቆም እነሱም ባሉበት ይቆማሉ። ዚ-ፋይቲንግ የሚባለው ይህ ነው። በሞዴሉ ውስጥ በሩ ከግድግዳው 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቶ የተቀመጠ ሰሌዳ ሲሆን፣ ግድግዳው በበሩ ልክ ሳይቆረጥ ከጀርባው ያልፋል።

ምንም ከመነካካት በፊት አንድ ሙከራ ማድረግ ብዙ ድካም ያስቀራል። ኒር ፕሌኑን፣ ማለትም ካሜራው ማየት የሚጀምርበትን ርቀት፣ ለጊዜው 1 ሜትር ላይ አድርጉት። መስመሮቹ ከጠፉ ወይም ወደ ሩቅ ከሸሹ ችግሩ የዴፕዝ በፈሩ ትክክለኛነት ነው። ምንም ካልተለወጠ ግን ሁለቱ ገጾች ፍጹም አንድ ቦታ ላይ ተደራርበዋል ማለት ነው፤ ያንን የትኛውም በፈር አይለየውም፣ ሞዴሉ ራሱ መታረም አለበት። እኔ ጋ ጥቂት በሮች እንዲህ ሆነው ስላገኘኋቸው ግድግዳውን ከጀርባቸው ቆርጬ አወጣሁት። የቀሩት አብዛኞቹ የትክክለኛነት ችግር ነበሩ።

ዴፕዝ በፈር ለእያንዳንዱ ፒክስል እዚያ ላይ የተሳለው ነገር ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ የሚይዝ ቢሆንም፣ ርቀቱን በሜትር አይዝም። በተለመደው አሠራር የሚቀመጠው ቁጥር በግምት 1 − n/z ነው፤ n ኒር ፕሌኑ፣ z ደግሞ የነገሩ ርቀት ነው። የእኔ ኒር ፕሌን 1 ሴንቲ ሜትር ነበር። በዚህ ስሌት ገና 1 ሜትር ርቀት ላይ ቁጥሩ 0.99 ይደርሳል። ስለዚህ ካሉት ቁጥሮች 99 በመቶው አፍንጫ ሥር ባለው አንድ ሜትር ያልቃል፤ ከተማው በሙሉ የሚካፈለው የቀረውን 1 በመቶ ነው።

ባለ 24 ቢት በፈር ሊለየው የሚችለው ትንሹ ርቀት በዚህ ይሰላል፦

```
dz = z*z / (n * 16777216)
```

n 0.01 ሲሆን 58 ሜትር ላይ ውጤቱ 2 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መስመሮቹ ብቅ የሚሉት ልክ እዚያ ነበር። 300 ሜትር ላይ 54 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በበሩና በግድግዳው መካከል ያለው 2 ሴንቲ ሜትር በዚህ ርቀት ለበፈሩ የለም ማለት ነው፤ የትኛው ፊት እንደሚወጣ የሚወስነው የቁጥር ማጠጋጋት ብቻ ነው፣ እሱም ከፒክስል ፒክስል ይለያያል።

ቀመሩ ውስጥ ፋር ፕሌን፣ ማለትም ካሜራው ማየት የሚያቆምበት ርቀት፣ እንደሌለ ልብ በሉ። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው እሱን ነው። እኔም ከ10,000 ሜትር ወደ 2,000 አውርጄው ምንም የሚታይ ለውጥ አልመጣም።

ኒር ፕሌኑ ያን ያህል ትንሽ የሆነው የጀጎል መተላለፊያዎች ጠባብ ስለሆኑ ነው፤ ካሜራው ግድግዳ ሲጠጋ ግድግዳው ተቆርጦ የቤቱ ውስጥ እንዳይታይ ተፈርቶ ነበር። በፍርሃት ከመገመት መለካት ይሻላል። ካሜራዬ ከግድግዳ 25 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይጠጋ በግጭት ሉል ታግዷል። በ60 ዲግሪ ቋሚ እይታና በ16:9 ስክሪን የኒር ፕሌኑ ማዕዘን ከካሜራው የሚርቀው n በ1.55 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ n 0.15 ቢሆን ማዕዘኑ 23 ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል፣ ግድግዳ አይቆርጥም። በዚህ ብቻ ትክክለኛነቱ 15 እጥፍ ተሻሻለ፤ መስመሮቹ ከ58 ሜትር ወደ 224 ሜትር ሸሹ። በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ለሚሄድ ካሜራ ይህ በቂ ነው። ከሀኪም ተራራ በኩል ከተማውን ቁልቁል ለሚያይ ግን አይበቃም፤ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ስህተቱ አሁንም 40 ሴንቲ ሜትር ነው።

ቀጥሎ በፈሩን ወደ 32 ቢት ፍሎት ቀየርኩ፤ ለብቻው ምንም አልጠቀመም። ምክንያቱ የፍሎት ቁጥሮች ተቀራርበው የሚበዙት ዜሮ አካባቢ መሆኑ ነው። ከ0.5 እስከ 1 ባለው ክልል እርምጃቸው ከ24 ቢቱ አይሻልም፣ ሩቅ ያለው ነገር ሁሉ የተጨናነቀው ደግሞ እዚያው 1 አጠገብ ነው። መፍትሔው መገልበጥ ነው፤ ቅርቡ 1፣ ሩቁ 0 ይሁን። ያኔ የሚቀመጠው n/z ይሆናል፤ ሩቁ ሲጨናነቅ የፍሎቱም ቁጥሮች እዚያው ይበዙለታል፣ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። 300 ሜትር ላይ የበፈሩ እርምጃ ከ0.04 ሚሊ ሜትር በታች ወረደ፤ ኒር ፕሌኑም ለትክክለኛነቱ የነበረው ተጽዕኖ ቀረ ማለት ይቻላል።

```
glClipControl(GL_LOWER_LEFT, GL_ZERO_TO_ONE);
glClearDepth(0.0);
glDepthFunc(GL_GREATER);
// f = 1/tan(fovy/2)
m[0] = f/aspect;  m[5] = f;
m[11] = -1;       m[14] = n;   // የቀሩት 0
```

ይህ ማትሪክስ ፋር ፕሌን የለውም፣ እይታው ማለቂያ የለውም። የመጀመሪያው መስመር ኦፕንጂኤል 4.5 ይፈልጋል፤ መዝለልም አይቻልም። ያለ እሱ ጥልቀቱ መጀመሪያ ከ-1 እስከ 1 ባለው ክልል ስለሚሰላ፣ የሩቁ ጥቃቅን ልዩነት -1 አጠገብ ተጠጋግቶ ይጠፋል፤ በኋላ ወደ 0 ቢመለስም የጠፋው አይገኝም። በፈሩም በራሳችን ፍሬምበፈር ላይ `GL_DEPTH_COMPONENT32F` ሆኖ መሠራት አለበት።

ከተገለበጠ በኋላ የሚበላሹት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ስክሪኑ ባዶ ከሆነ `glClearDepth` 1 ላይ ቀርቷል። ሰማዩ ከተማውን ከሸፈነ ጥልቀቱ 1 ላይ እየተሳለ ነው፤ ወደ 0 ማውረድና ለሰማዩ ብቻ `GL_GEQUAL` መጠቀም ያስፈልጋል። `glPolygonOffset` የሚጠቀም ካለ የሁለቱም ቁጥሮች ምልክት ይገለበጣል። ከጥልቀት ርቀትን የሚያሰላ ሼደር z = n/d ይጠቀማል፤ d ከበፈሩ የሚነበበው ቁጥር ነው፣ ሰማይ ላይ d ዜሮ ስለሆነ ከማካፈሉ በፊት ይፈተሽ።

ይህ ሁሉ ሆኖ አንዳንድ በሮች አሁንም ይርገበገቡ ነበር፤ ያውም ከቅርብ። ልዩነቱ መስመር ብቻ ሳይሆን የቤቱ ጠርዝ ራሱ ካሜራው ሲሄድ መንቀጥቀጡ ነው፤ ይህ ዴፕዝ በፈሩን አይመለከትም። የቤቶቹ ነጥቦች የተቀመጡት በካርታው ዩቲኤም መጋጠሚያ ነበር፤ ሐረር ላይ የሰሜን ቁጥሩ 1,030,000 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መጠን የ32 ቢት ፍሎት እርምጃ 6.25 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 2 ሴንቲ ሜትሩ ገና ግራፊክስ ካርዱ ጋ ሳይደርስ ጠፍቷል። በጀጎል መሃል አንድ መነሻ ነጥብ መርጬ ከሁሉም ነጥብ በደብል ቀንሼ፣ ከዚያ ወደ ፍሎት ቀየርኩ። መሬቱም ቤቶቹም የሚቀነስላቸው ቁጥር አንድ መሆን አለበት። ድሬዳዋን አብሮ ለሚሠራ ደግሞ ዞኑ ይለያል፤ ድሬዳዋ 37፣ ሐረር 38 ላይ ስለሆኑ መጀመሪያ ወደ አንድ ዞን ካልመጡ መቀነሱ ብቻ አያገናኛቸውም።